የአክስቴ ልጅ ዳቦ መጋገሪያ ውስጥ ገንዘብ ላስገባ ነው፤ ድርጅቱ በትክክል የማን መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

የሜሪላንዷ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ዳቦ መጋገሪያ አለው። ድሮ ፒያሳ ነበር። በ2016 አካባቢው ሲፈርስ ወደ ሰንጋ ተራ ተዛወረ። ሥራው ጥሩ ነው፤ ለሱቆችና ለካፌዎች ያከፋፍላል። አሁን ሁለተኛ የዳቦ ማሽን መትከል ይፈልጋል። 45 ሺህ ዶላር ባስገባ የድርጅቱን 40 ከመቶ እንደሚሰጠኝ ነግሮኛል።

አብረን ነው ያደግነው፤ ሌባ ነው ብዬ አይደለም። ግን ገንዘቡ የሌሊት ፈረቃ እየሠራሁ ያጠራቀምኩት ነው። ማየት የምፈልገው ወረቀት ነው። እስካሁን በቴሌግራም ሦስት ነገር ልኮልኛል፦ ንግድ ፈቃድ፣ የዋና ምዝገባ ምስክር ወረቀትና የ2008 መመሥረቻ ጽሑፍ። ድርጅቱ ኃ.የተ.የግ.ማ. ነው። ንግድ ፈቃዱ ላይ ስሙ አለ። ይሄ ይበቃል? ዜግነቴ አሜሪካዊ ነው፤ ቢጫ ካርድ አለኝ።

የአራዳ ልጅ

እህቴ ራስሽን አታስጨንቂ። etrade.gov.et ላይ ግቢና ቲን ቁጥሩን አስገቢ። ፈቃዱ የታደሰ ከሆነና የሱ ስም ከወጣ ድርጅቱ የሱ ነው። በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ድሮ እንደነበረው ቢሮ ለቢሮ መንከራተት ቀርቷል።

የቦሌው

ተጠንቀቂ! እኔም በምሥረታ ላይ ያለ አክሲዮን ማኅበር ውስጥ ሼር ገዝቼ ነበር። ሆቴል ይሠራሉ ተብሎ ነው። በሆቴል አዳራሽ ስብሰባ ተጠራን፣ ቆንጆ ብሮሹር ታደለን፣ ደረሰኝ ተሰጠን። ይኸው ዓመታት አለፉ፤ ሆቴልም የለም፣ ስልካቸውም አይነሳም። ሼር ከሚሉሽ ነገር ራቂ። ኮንዶሚኒየም ግዢ። ቤት ካርታ አለው፤ አይጠፋም።

የሰንጋ ተራ ጠበቃ

የአራዳ ልጅ ያለው ግማሹ ልክ ነው። ድረ ገጹ ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን ይነግርሻል፤ ያም ትንሽ ነገር አይደለም። በፎቶ ሾፕ የተሠራ ፈቃድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ግን ፈቃዱ ላይ የሚወጣው ስም የሥራ አስኪያጁ ነው። ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ተቀጣሪም ሊሆን ይችላል። አንድም ድርሻ የሌለው ሰው የአሥር ድርጅት ፈቃድ ላይ ስሙ ሊኖር ይችላል።

የቦሌው፣ ያንተ ጉዳይ ሌላ ነው። አንተ የገባህበት አክሲዮን ማኅበር ነው፣ ያውም ገና ያልተቋቋመ። አክሲዮን ማኅበር ባለአክሲዮኖቹን የሚመዘግበው ራሱ ዘንድ ባለው መዝገብ ነው፤ ንግድ መዝገብ ሄደህ የዛሬዎቹን ባለቤቶች አታገኝም። ኃ.የተ.የግ.ማ. ግን የአባላቱ ስምና ድርሻ መመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ አለ። ድርሻ በተቀየረ ቁጥር ጽሑፉ በቃለ ጉባኤ ይሻሻላል፤ ቃለ ጉባኤው ውልና ማስረጃ ይጸድቃል፣ ከዚያ ንግድ መዝገብ ይገባል። ስለዚህ የሜሪላንዷ ጉዳይ መልስ አለው። ወረቀቱን በቅደም ተከተል መከተል ነው።

እህቴ፣ ሁለት ቁጥር ንገሪኝ። መመሥረቻ ጽሑፉ ካፒታል ስንት ይላል? የአሁኑ ንግድ ፈቃድስ ስንት ይላል?

የሜሪላንዷ

አሁን አየሁት። መመሥረቻው 1 ሚሊዮን ብር ይላል። 1,000 ድርሻ፣ እያንዳንዱ 1,000 ብር። አባላቱ ሦስት ናቸው፦ የአክስቴ ልጅ 600፣ የሚስቱ ወንድም 300፣ ሚስቱ 100። ንግድ ፈቃዱ ግን 4 ሚሊዮን ይላል። አድገው ይሆናላ?

የሰንጋ ተራ ጠበቃ

ካፒታል በራሱ አያድግም። ትርፍ ስለተገኘ ብቻ ፈቃዱ ላይ ያለው ቁጥር አይቀየርም። ቁጥሩ የሚቀየረው አባላት ተሰብስበው ሲወስኑና ሲያስመዘግቡ ነው። 1 የነበረው 4 ከሆነ መሐል ላይ ያላየሽው ቃለ ጉባኤ አለ ማለት ነው። 3,000 አዲስ ድርሻ ተፈጥሯል። ጥያቄው እነዚያን ማን ወሰዳቸው ነው። የ2008ቱ ወረቀት የሚነግርሽ በ2008 የነበረውን ነው።

ስለዚህ የአክስትሽን ልጅ «ከ2008 ወዲህ የተደረጉ ቃለ ጉባኤዎች በሙሉ» በይው። «በሙሉ» የምትለዋ ቃል እንዳትቀር። ብዙ ሰው ለክፋት ሳይሆን የሚመቸውን ወረቀት መርጦ ነው የሚልከው።

እትዬ ጉለሌ

ልጄ፣ እኔ እንደናንተ ሕግ አላውቅም። ግን አብሮሽ ያደገ ልጅ ላይ ይሄን ሁሉ ወረቀት ስትጠይቂ እናቱ ብትሰማ ምን ትላለች? አክስትሽ ናት እኮ። ዘመድ በወረቀት አይለካም። ካመንሽው ስጪው፣ ካላመንሽው «የለኝም» በይ። መሐል ላይ ሆኖ መመርመር ነው ቅያሜ የሚያመጣው።

የሒሳብ ሹሟ

እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ያየሁት የተገላቢጦሽ ነው። ቅያሜ የሚመጣው ሳይጠየቅ ገንዘቡ ከገባ በኋላ ነው። እስከ ልደታ ድረስ የተካሰሱ ወንድማማቾችን ሒሳብ ሠርቻለሁ። ሲጀምሩ አንድም ወረቀት አልነበራቸውም፤ «በመተማመን» ነበር የጀመሩት።

የሜሪላንዷ፣ እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። 40 ከመቶ «እሰጥሻለሁ» ሲል ከራሱ ድርሻ ሊሸጥልሽ ነው ወይስ ድርጅቱ አዲስ ድርሻ ሊያወጣልሽ? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከራሱ ከሸጠልሽ ገንዘቡ የሱ ኪስ ነው የሚገባው። ድርጅቱ አንድ ሳንቲም አያገኝም፤ ያ ሁለተኛ ማሽን የሚባለውም አይገዛም፣ እሱ መልሶ ለድርጅቱ ካላበደረ በቀር። ካፒታል በማሳደግ ከሆነ ግን ገንዘቡ በድርጅቱ የባንክ ሒሳብ ይገባል፣ ማሽኑም የድርጅቱ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ገንዘብ ሰጪውም ተቀባዩም ይህን ሳይለዩ ነው የሚስማሙት።

የአራዳ ልጅ

እሺ ጠበቃው፣ ተቀበልኩ። ግን አንድ ነገር ረስታችኋል። እሷ የውጭ ዜጋ ናት። የውጭ ዜጋ 200 ሺህ ዶላር ካላመጣ አይፈቀድለትም። 45 ሺህ ይዛ እንዴት ትገባለች?

የሰንጋ ተራ ጠበቃ

200 ሺው ለብቻው ለሚገባ የውጭ ባለሀብት ነው። ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ከሆነ 150 ሺህ ነው። ግን እዚህ ጉዳይ ላይ ቁጥሩ አያስፈልገንም። ለአገር ውስጥ ገበያ ዳቦና ኬክ ማምረት በ2012 በወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ የተተወ ሥራ ነው። ሚሊዮን ዶላር ብታመጣም እንደ ውጭ ባለሀብት አትገባም።

የሚያስገባት ቢጫ ካርዱ ነው። በአዋጅ 270/1994 መሠረት ትውልደ ኢትዮጵያዊ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ይችላል። ዝቅተኛው የዶላር መጠንም ያኔ አይነካትም። ስለዚህ እህቴ፣ ሰነድ ላይ ስምሽ ሲጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር ቢጫ ካርዱም ይያያዝ፣ ስሙም በሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። በፓስፖርት የባል ስም፣ በካርዱ የአባት ስም ይዘው የመጡ ሰዎች ውልና ማስረጃ መስኮት ላይ ሲጉላሉ አይቻለሁ።

ካዛንቺስ ነበርኩ

ስለ ቦታው አንድ ነገር። የኛም ቤት በኮሪደር ልማት ተነስቷል፤ ታሪኩን ስለማውቀው ነው። ፈቃዱ ላይ ያለው አድራሻ አራዳ ክፍለ ከተማ ነው ወይስ ልደታ? ከተዛወሩ በኋላ አድራሻ ካልቀየሩ ደብዳቤ ሁሉ የሚሄደው ወደ ፈረሰ ቤት ነው። የፍርድ ቤት መጥሪያ ቢመጣ እንኳ ማን ይቀበላል? እኔ የማውቀው አንድ ልብስ ሰፊ በሌለበት ተፈርዶበት ነው የሰማው።

የሜሪላንዷ

ፈቃዱ ላይ አራዳ ነው የሚለው። እጠይቀዋለሁ። ስለ 40 ከመቶውም ጠየቅሁት። «ያው ነው፣ ምን ልዩነት አለው» አለኝ። ቃለ ጉባኤውን ግን ቆይቶ ቢሆንም ላከልኝ። ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

ቀኑ 2012 ነው። ካፒታል ከ1 ወደ 4 ሚሊዮን አድጓል። ከ3,000 አዲስ ድርሻ ውስጥ የአክስቴ ልጅ 1,000 ወሰደ። የሚስቱ ወንድም 2,000 ወሰደ፣ በዓይነት፣ የዳቦ ማሽን በማስገባት። ሚስቱ ምንም አልጨመረችም። እና አሁን የሚያስደነግጠኝ ነገር፦ የሚስቱ ወንድም ከሁለት ዓመት በፊት አርፏል። ለቅሶውን በስልክ ደርሻለሁ። ስጠይቀው «እሱ ካረፈ በኋላ ድርጅቱ የኔ ሆኗል፣ ሥራውን ሁሉ የምሠራው እኔ ነኝ» አለኝ።

የሰንጋ ተራ ጠበቃ

ነፍሱን ይማር። አሁን ቁጥሩን እንደምር።

ጠቅላላ ድርሻ 4,000። የአክስትሽ ልጅ 600 ከ1,000 ጋር 1,600 ነው፤ 40 ከመቶ። ሚስቱ 100፤ ሁለት ከመቶ ተኩል። ሟቹ 300 ከ2,000 ጋር 2,300፤ 57 ከመቶ ተኩል። ስለዚህ ከ2012 ጀምሮ ትልቁ ባለቤት የአክስትሽ ልጅ አልነበረም፤ ሟቹ ነበር። የአክስትሽ ልጅ ሥራ አስኪያጅ ስለሆነ ነው ፈቃዱ ላይ ስሙ ያለው። 40 ከመቶ ከራሱ ከሸጠልሽ ደግሞ ያለውን በሙሉ ሸጦልሽ ይወጣል ማለት ነው። ይህን አስቦበት እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

የሟች ድርሻ ለሚሠራው ሰው አይተላለፍም። መመሥረቻ ጽሑፉ ካልከለከለ ወደ ወራሾች ነው የሚሄደው። ሚስት ነበረችው? ልጆችስ?

የሜሪላንዷ

ሚስት አለችው፣ ጎተራ አካባቢ ነው የምትኖረው። ልጆች ሁለት። ትልቋ 20፣ ትንሹ 15። የተጋቡት ዳቦ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ነው። ሰርጋቸው ላይ ነበርኩ።

የሰንጋ ተራ ጠበቃ

እንግዲያው የጋራ ንብረት ነው ብለን እንነሳ፤ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ነው። የግሉ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ካለ ሌላ ነገር። ባለቤቱ ወራሽ ሆና ሳይሆን የጋራ ንብረት ተካፋይ ሆና ግማሹን ትወስዳለች፦ 1,150 ድርሻ። ቀሪው 1,150 ለልጆቹ እኩል ይከፈላል፤ 575፣ 575። ኑዛዜ ካለ ሊለወጥ ይችላል።

አሁን መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ «ድርሻ ለውጭ ሰው ስለማስተላለፍ» እና «ጽሑፉን ስለማሻሻል» የሚሉ አንቀጾች አሉ። ስንት ድምፅ ይላል?

የሜሪላንዷ

ሁለቱም ላይ «የካፒታሉን ሦስት አራተኛ የያዙ አባላት ስምምነት» ይላል።

የሰንጋ ተራ ጠበቃ

ሦስት አራተኛ ማለት 3,000 ድርሻ ነው። የአክስትሽ ልጅና ሚስቱ ሲደመሩ 1,700። የሟች ባለቤት ብትጨመር እንኳ 2,850፤ አሁንም 150 ይጎድላል። ትልቋ ልጅ ስትጨመር 3,425 ይሆናል፤ ያኔ ያልፋል። ትንሹ ልጅ አካለ መጠን ስላልደረሰ በሱ ስም የሚፈርመው ሞግዚቱ ነው። ድርሻውን የሚነካ ነገር ከሆነ ፍርድ ቤት ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ የሱ ድምፅ ሳያስፈልግ መጨረስ ከተቻለ ይሻላል።

ግን ከዚያ በፊት እናትና ልጆች አባልነታቸው መዝገብ ላይ መግባት አለበት። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ወስደዋል? ካልወሰዱ ዛሬ ቃለ ጉባኤ ቢጻፍ ፈራሚው ሟች ነው። ውልና ማስረጃ አያልፍም። ካለፈም ነገ ይፈርሳል። የአክስትሽ ልጅ ብቻውን ፈርሞ ማኅተም ያደረገበት «ውል» ቢልክልሽ ማኅተሙ አያታልልሽ። የድርጅቱ ማኅተም እሱ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።

እትዬ ጉለሌ

ወይ ጉድ። ያቺ መበለት ይሄን ታውቃለች? ልጆቿን በምን እያሳደገች ነው? እንዲህ ከሆነስ ጠይቂ ልጄ። የጠየቅሽው ለሷም ነው።

የአራዳ ልጅ

እኔ ግን አንድ ነገር ይከብደኛል። ልጁ አሥር ዓመት ሙሉ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እየተነሳ ዱቄት ሲያቦካ ኖሯል። ሟቹ ማሽን አስገብቶ ቁጭ ያለ ሰው ነው። በወረቀት የሱ ነው ብሎ ሠራተኛውን ማስወጣት ፍትሕ ነው? ለዚያ ነው «የኔ ነው» ያለው። ውሸታም አያስብለውም።

የሒሳብ ሹሟ

ደመወዝ ሲወስድ ከነበረ የሠራበት ተከፍሎታል። ካልወሰደ ደግሞ ድርጅቱ ዕዳ አለበት ማለት ነው፤ በሒሳብ መዝገቡ ይያዝ። ለሁለቱም መፍትሔ አለው። መፍትሔ የሌለው የሌላ ሰው ድርሻ የራስ አድርጎ ለሦስተኛ ሰው መሸጥ ነው።

ካፒታል በማሳደግ ከተሄደ ስንት ድርሻ እንደሚያስፈልግ ልንገርሽ። አሁን 4,000 ካለ አንቺ 40 ከመቶ እንዲኖርሽ 2,667 ያህል አዲስ ድርሻ ይወጣል። ጠቅላላው 6,667 ይሆናል። የአክስትሽ ልጅ 1,600 ያኔ 24 ከመቶ ገደማ ይሆናል፤ የሟች ቤተሰብም ከ57 ተኩል ወደ 34 ተኩል ይወርዳል። መበለቲቱ ይህን ሳታውቅ ብትፈርም በኋላ «ተታለልኩ» ማለቷ አይቀርም፤ እውነቷን ነው። ደግሞ የድርሻው የተጻፈ ዋጋ 1,000 ብር ነው እንጂ ድርጅቱ ዛሬ የሚያወጣው ዋጋ አይደለም። ማሽኑ የ2012 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ድርጅቱ ይገመት፣ ያንቺም ድርሻ በዚያ ዋጋ ይሰላ። ከተጻፈው በላይ የምትከፍይው ለብቻው ይመዘገባል።

ሌላ አንድ ነገር፣ ከዚያ እተዋችኋለሁ። ሟቹ በዓይነት ያስገባው ማሽን በማን ስም ነው አገር ውስጥ የገባው? የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን እዪ። በሟቹ የግል ስም ከሆነና ርክክብ ካልተደረገ «የድርጅቱ ማሽን» የምትሉት በውርስ ክርክር ውስጥ ሊገባ ይችላል። የማከፋፈያ መኪናዋም ሊብሬ እንዲሁ። በባንክ ብድር የተያዘ እንደሆነም ይጠየቅ፤ ተንቀሳቃሽ ንብረት በዋስትና ሲያዝ ብሔራዊ ባንክ መዝገብ ላይ ይገባል።

የቦሌው

ይቅርታ፣ አሁንም ኮንዶሚኒየም ነው የምለው።

የሜሪላንዷ

የቦሌው 😂

ወገኖች፣ ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። አንደኛ፣ የላከልኝ ፎቶ ነው። ሌላ ቃለ ጉባኤ ቢኖርስ? ከ2012 በኋላ? ዋናውን ፋይል እኔ በወኪል ላስወጣ እችላለሁ? ሁለተኛ፣ ከመግዛት ይልቅ ለድርጅቱ ባበድርስ?

ካዛንቺስ ነበርኩ

ፋይሉን ማንም ማየት ይችላል። የንግድ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ሕጉ እንዲህ ነው የሚለው። ወኪልሽ ገብቶ «አሳዩኝ» ይበል።

የሰንጋ ተራ ጠበቃ

በሕጉ መንፈስ ልክ ነህ። መስኮቱ ላይ ግን «አንተ ማነህ?» ትባላለህ። እኔ ያለ ድርጅቱ ደብዳቤ ሄጄ ያገኘሁበት ጊዜ አለ፣ ተመለስ የተባልኩበትም አለ። ሠራተኛው ይለያል፣ ቢሮው ይለያል። ውልና ማስረጃም ሰነዱን ለባለጉዳይ እንጂ ለአላፊ አግዳሚ አይሰጥም። በዚህ ልንከራከር እንችላለን፤ ግን እህታችን ክርክሩን ማሸነፍ ሳይሆን ፋይሉን ማግኘት ነው የምትፈልገው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የአንቺ ውክልና እዚያ ብዙ አይጠቅምም፤ አንቺ ገና አባል አይደለሽም። ደብዳቤው ከድርጅቱ ይውጣ። የአክስትሽ ልጅ በሥራ አስኪያጅነቱ፣ በድርጅቱ ደብዳቤ፣ «ለእከሌ ጠበቃ ከምሥረታ እስከ ዛሬ ያለው ፋይል ተረጋግጦ ይሰጥ» ብሎ ይጻፍ። ጠበቃውን አንቺ ምረጪ፣ ክፍያውንም አንቺ ክፈዪ። ፋይሉ ከመዝገቡ ወደ ጠበቃው ይሂድ፤ በአክስትሽ ልጅ እጅ አይለፍ። ደብዳቤውን ለመጻፍ ካንገራገረ ያ ራሱ መልስ ነው።

ፋይሉ ሲመጣ የመጨረሻው ቃለ ጉባኤ ላይ ያለው ካፒታል ከፈቃዱ ካፒታል ጋር መግጠም አለበት። 4 ሚሊዮን ከ4 ሚሊዮን። ከገጠመ በካፒታል ላይ የተደበቀ ለውጥ የለም። ድርሻ ተሸጦ ካፒታል ሳይቀየር የቀረበት ሊኖር ስለሚችል ግን የአባላት ስም ዝርዝሩም ይታይ። የሥራ አስኪያጁ ሹመት ዘመን ካለፈም ልብ በዪ፤ ሟቹ የፈረመበት ሹመት ጊዜው አልፎ ከሆነ ዛሬ በድርጅቱ ስም የመፈረም ሥልጣኑም ጥያቄ ነው።

የሒሳብ ሹሟ

ብድሩን በተመለከተ፦ ከውጭ የሚመጣ ብድር ብሔራዊ ባንክ ሳያውቀው ከገባ በኋላ በዶላር ይመለስልኝ ስትዪ ችግር ነው። ስለዚህ «ለወንድሜ ላኩለት፣ እሱ ለድርጅቱ ሰጠው» የሚባለው መንገድ ዕዳውን የግለሰብ ያደርገዋል። ከድርጅቱ መጠየቅ አትችዪም። ብድር ከሆነ በባንክ በኩል፣ በድርጅቱ ስም፣ አስቀድሞ ተመዝግቦ። ለ45 ሺህ ዶላር ያ ሁሉ ልፋት ያዋጣል አያዋጣም፣ እኔ አላውቅልሽም።

የሰንጋ ተራ ጠበቃ

እኔ ብድሩን አልወደውም። ከሟች ቤተሰብ ላይ መግዛት የሚባል ሦስተኛ መንገድ አለ። መበለቲቱ ገንዘብ ከፈለገች 1,150 ድርሻዋን በሙሉ ብትሸጥልሽ 28 ከመቶ ተኩል ያልፋል። ማሽኑ ግን ያኔም አይገዛም። እሱን በኋላ ሁላችሁም ታዋጣላችሁ።

የሒሳብ ሹሟ

በዚህ አልስማማም። የገባችው ለማሽኑ ነው። ማሽን የማይገዛ ገንዘብ ለምን ታስገባለች?

የሰንጋ ተራ ጠበቃ

ባለቤትነቱ መጀመሪያ ይጥራ። ማሽን ባልጠራ ድርጅት ውስጥ ብትተክዪ ማሽኑም ክርክር ውስጥ ይገባል። ሁለታችንም ልክ ልንሆን እንችላለን።

የሜሪላንዷ

ትናንት ደወልኩለት። ቁጥሩን አንድ በአንድ ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፤ «ማነው እዚያ ሆኖ የሚመክርሽ?» አለኝ። ከዚያ ዝም አለ። በመጨረሻ «1,600 ብቻ መሆኑን አላስተዋልኩም» አለ። ልመን አልመን አላውቅም። የወራሽነት ማስረጃ አልወጣም። ደብዳቤውን ግን እጽፋለሁ ብሏል። ለሟች ሚስት እኔ ራሴ እንድደውልላት ጠየቀኝ፤ እሱ ከለቅሶው በኋላ ብዙም አላናገራትም። ባሏ 57 ከመቶ እንደነበረው ታውቅ እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

ገንዘቡን አልላክሁም። አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ለጠበቃው ከዚህ ከኤምባሲ ውክልና ልላክ ብል ምን ምን ይጻፍበት?

የሰንጋ ተራ ጠበቃ

ለአሁኑ ጠባብ ይሁን። «ሰነድ መጠየቅ፣ መቀበል፣ መመርመር፣ በስሜ መደራደር» በቂ ነው። «መግዛት፣ መሸጥ፣ በስብሰባ ድምፅ መስጠት፣ ገንዘብ መቀበል» የሚሉትን አታስገቢ። ቅጹ ላይ ብዙ ጊዜ ሁሉም ተደርድረው ይመጣሉ፤ ሰው ሳያነብ ይፈርማል። ከኤምባሲ ሲመጣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። መግዛት ላይ ከደረስሽ ለዚያ ለብቻው ሌላ ውክልና ትልኪያለሽ፤ የድርሻው ብዛትና ዋጋው በቁጥር ተጽፎበት።

የአራዳ ልጅ

መበለቲቱን ስታናግሪያት የወራሽነት ማስረጃውን ወጪ ማን ይሸፍናል የሚለውንም አንሺ። ልጅየው ከሥራው ላይ ቢሸፍን ደስ ይለኛል።

እትዬ ጉለሌ

ከገንዘቡ በፊት ግን ስለ ልጆቹ ጠይቂያት። ጤናቸውን። ከዚያ ነው ወረቀቱ።